ስልኩ ምስል ያወጣል ወይ? ስልክን ከፕሮጀክተር ጋር በኬብልም ያለ ኬብልም ማገናኘት

ፕሮጀክተሩ በርቷል። ግድግዳው ላይ የተወጠረው አቡጀዲ ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ላይ No Signal ይላል። አዲስ የተገዛው የታይፕ ሲ ማገናኛ ስልኩ ላይ ተሰክቷል፤ ስልኩ ግን ምንም እንዳልነካው ዝም ብሏል። ኬብሉ ይነቀላል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይሰካል። አንዱ «ኬብሉ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፕሮጀክተሩ አርጅቷል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል። ስልኩ በዚያ ቀዳዳ ምስል ማውጣት የማይችል ዓይነት ነው፤ ያልቻለ ስልክ ደግሞ ምንም ያህል ውድ ማገናኛ ቢገዛለት አይችልም።

በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶችና የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሾች ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ የታወቁ ናቸው፤ ዕድሜ የጠገበ ፕሮጀክተርና መካከለኛ ዋጋ ያለው የአንድሮይድ ስልክ። ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። ዕቃ ለመግዛት ከመውጣት በፊት ግን የስልኩን ነገር ማጣራት ይቀድማል።

አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ የተለያየ ሥራ

የታይፕ ሲ ቀዳዳ በሁሉም ስልክ ላይ መልኩ አንድ ነው። ውስጡ 24 ጥቃቅን መገናኛዎች አሉት። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ቻርጅ ለማድረግና ፋይል ለማስተላለፍ ያገለግላሉ። ምስል የሚወጣው ግን በሌሎቹ፣ ብዙ መረጃ በፍጥነት በሚያሳልፉት መስመሮች ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ አምራቹ እነዚህን ፈጣን መስመሮች ከስልኩ ቦርድ ጋር አያገናኛቸውም። ሶኬት ግድግዳ ላይ ተገጥሞ ከኋላው ሽቦ እንዳልተዘረጋለት ቁጠሩት፤ መሰኪያው ልክክ ብሎ ይገባል፣ የሚመጣ ነገር ግን የለም።

ከሳምሰንግ ስልኮች ከጋላክሲ ኤስ8 ጀምሮ ያሉት የኤስ ተከታታይ ስልኮችና ከኖት 8 ወዲህ ያሉት ኖቶች፣ ላይት ከሚባሉት በቀር፣ ምስል ያወጣሉ። በየቤቱ የሚገኙት የኤ ተከታታይ ስልኮች፣ ኤ14ም ሆነ ኤ15 ወይም ኤ32፣ አያወጡም። አብዛኞቹ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ስልኮችም እንዲሁ። አይፎን ይለያል። ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት በታይፕ ሲ በቀጥታ ያወጣሉ፤ ከአይፎን 5 እስከ 14 ያሉት ደግሞ በላይትኒንግ ቀዳዳቸው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የኤችዲኤምአይ ማገናኛ ይሠራሉ። በጎን ሰፋ ያለውን ማይክሮ ዩኤስቢ የሚጠቀሙ ስልኮች ላይ በኬብል ምስል ለማውጣት ባይደከም ይሻላል። ከጋላክሲ ኤስ2 እስከ ኤስ5 ድረስ የነበሩ ጥቂት ስልኮች በተለየ ማገናኛ ይችሉ ነበር፤ ዛሬ ያ ማገናኛም እንደ ልብ አይገኝም።

የእርስዎ ስልክ ከእነዚህ ውስጥ ከሌለ በስልክ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ሞዴሉን ፈልገው ዩኤስቢ የሚለውን መስመር ያንብቡ። እንዲህ ከሆነ ምስል ያወጣል፦

```
USB Type-C 3.1, DisplayPort 1.2
```

እንዲህ ከሆነ ደግሞ አያወጣም፦

```
USB Type-C 2.0, OTG
```

ቁልፉ DisplayPort የሚለው ቃል ነው። ቁጥሩ 1.2 ይሁን 1.4 ለክፍል ወይም ለአዳራሽ ሥራ ልዩነት የለውም። OTG የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ፍላሽና ማውስ መሰካት ይቻላል ማለት ነው እንጂ ምስልን አይመለከትም። ሻጭ «ኦቲጂ አለው፣ ይሠራል» ካለዎት ሱቁ ውስጥ ካለ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። የሚሠራ ከሆነ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የስልኩ ገጽ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። የሚጫን አፕም ሆነ የሚከፈት ሴቲንግ የለም። «መጀመሪያ አፕ አውርድ» የሚያሰኝ ኬብል ካጋጠመዎት ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ውስጡ ያለች ትንሽ ቺፕ ከአፑ ጋር ሆና ምስሉን በፋይል መስመሩ በኩል ለማሳለፍ ትሞክራለች። አንዳንዱ ይሠራል፣ ቪዲዮ ሲከፈትበት ግን ይንቀራፈፋል። ለሚነበብ ጽሑፍ እንጂ ለፊልም አይሆንም።

በኬብል፦ ሰማያዊ መሰኪያ ብቻ ያለው ፕሮጀክተር

ስልኩ ምስል የሚያወጣ ከሆነ ኬብልን የሚያህል አስተማማኝ መንገድ የለም። ፕሮጀክተሩ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ካለው ሥራው አጭር ነው፦ የታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ ማገናኛ፣ የኤችዲኤምአይ ኬብል፣ ፕሮጀክተር። አስቸጋሪው አሮጌው ፕሮጀክተር ነው፤ ያለው ባለ 15 ቀዳዳው ሰማያዊ የቪጂኤ መግቢያ ብቻ ነው።

እንበልና አንድ የባዮሎጂ መምህር ጋላክሲ ኤስ9 ስልክ አለው፤ የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ቪጂኤ ብቻ ይቀበላል። ስለ ልብ አሠራር የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ከነድምፁ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይፈልጋል። ከስልኩ የሚወጣው ምልክት ዲጂታል ነው፣ ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር መሣሪያ መግባት አለበት። ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ተራ ኬብል፣ በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ በሌላ በኩል ቪጂኤ ተሰፍቶለት ቢሸጥም፣ ይህን አይሠራም። የሚሠራው ውስጡ ቺፕ ያለበት፣ እንደ ክብሪት ሣጥን ጠፍጠፍ ያለ ራስ ያለው ከንቨርተር ነው።

ከንቨርተሩ አቅጣጫ አለው። «ኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» እና «ቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ አይሠራም፣ መልካቸው ግን ተመሳሳይ ስለሆነ ሱቅ ውስጥም ይደባለቃሉ። ለዚህ መምህር የሚያስፈልገው፣ ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ ማገናኛው ላይ የሚቀጠል፣ ከኤችዲኤምአይ ገብቶ በቪጂኤ የሚወጣው ነው። ጎኑ ላይ ለድምፅ የምትሆን የኢርፎን ቀዳዳ ያለውን ይምረጥ፤ ቪጂኤ ድምፅ የሚባል ነገር አያሳልፍም። ከታይፕ ሲ በቀጥታ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አንድ ማገናኛም አለ። መጋጠሚያው ስለሚቀንስ ከሁለቱ ቅጥል እሱ ይሻላል፤ ድምፁን ግን ለብቻው ከስልኩ የኢርፎን ቀዳዳ ማውጣት ግድ ይሆናል፣ ኤስ9 ደግሞ ደግነቱ ያ ቀዳዳ አለው።

አገጣጠሙ ላይ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ ፕሮጀክተሩ ይብራና አንድ ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ከዚያ የቪጂኤ ኬብሉ ከፕሮጀክተሩም ከከንቨርተሩም ጋር ይገናኝና ሁለቱ የጎን ብሎኖች በእጅ ይጥበቁ። በፕሮጀክተሩ ሪሞት Source የሚለው ተጭኖ Computer ወይም VGA ይመረጥ። ስልኩ የሚሰካው በመጨረሻ ነው። ስልኩ ሲሰካ ፕሮጀክተሩን «ምን ያህል መጠን ያለው ምስል ትቀበላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ፕሮጀክተሩ ገና ካልበራ መልስ አያገኝም፣ ያኔ ስልኩ በግምት የላከውን ምስል አሮጌው ፕሮጀክተር ላይቀበለው ይችላል። Out of range የሚል ጽሑፍ ከመጣ ይህ ሆኗል ማለት ነው፤ ስልኩን ነቅሎ አሥር ሰከንድ ቆይቶ መሰካት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ኤስ9 እንደተሰካ ስክሪኑ ላይ የስልኩ ገጽ ሳይሆን ኮምፒውተር የሚመስል ገጽ ሊመጣ ይችላል። ሳምሰንግ ዴክስ ይለዋል፤ ብልሽት አይደለም። ከላይ በሚወርደው የማሳወቂያ መስመር ላይ ዴክስን ነክቶ Screen mirroring የሚለውን መምረጥ ነው።

ምስሉ መጥቶ ቀለሙ ሁሉ ቢጫ ወይም ሮዝ ከሆነ የቪጂኤውን ጫፍ ነቅለው ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት። ከጥቃቅን መርፌዎቹ አንዱ ተጎንብሶ ይሆናል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መርፌ አላቸው፤ ሰማያዊው ካልነካ ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ አረንጓዴው ካልነካ ወደ ሮዝ ይሄዳል። በስስ ጉጠት ቀስ ብሎ ማቃናት ይቻላል፣ ደጋግሞ ካቃኑት ግን ይሰበራል። ምስሉ እየመጣ እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ከንቨርተሩ በቂ ኃይል እያገኘ አይደለም፤ ጎኑ ላይ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በቻርጀር ኃይል ይስጡት።

አንድ ተንኮል አለ። የልብ ቪዲዮው ከዩቲዩብ ወይም ከስልኩ ማኅደር ከሆነ ያለ ችግር ይታያል። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ አገልግሎቶች ግን ፊልሙን ከቅጂ የሚከላከል ቁልፍ ስላለው ቪጂኤ ላይ ጥቁር ያደርጉታል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ የለም። ይህን በዕቃ መቀየር አያስተካክሉትም።

ኬብሉ ምን ያህል ይርዘም? ኤችዲኤምአይ ከሆነ 5 ሜትር ምቹ ነው፣ 10 ሜትር ጥራት ያለው ኬብል ይጠይቃል፣ ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ክብደቱም ስልኩን ይጎትታል። ማገናኛው ከጠረጴዛ ጫፍ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የስልኩ ቀዳዳ እያላላ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ማድረግም ያስቸግራል። ማገናኛውን ከስልኩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ፣ ኬብሉን ከጠረጴዛው እግር ጋር በፕላስተር ማሰር በቂ ነው። የሚያልፍ ልጅ ኬብሉን ቢረግጠው እንኳ የሚጎተተው የጠረጴዛው እግር ይሆናል።

ያለ ኬብል፦ ኢንተርኔት የሚፈልገውና የማይፈልገው

ስልኩ ምስል የማያወጣ ከሆነ በአየር መላክ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ያያል። በአንዱ ስልኩ የራሱን ገጽ ይልካል፤ ስልኩ ላይ የሚታየው ሁሉ ግድግዳው ላይ ይታያል። ይህ ሚራካስት ይባላል። ስልኩና ተቀባዩ በዋይፋይ በቀጥታ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ኢንተርኔት፣ ራውተር፣ ሲም ካርድ አያስፈልግም። ሌላው ዩቲዩብ ውስጥ እንደምትታየው የካስት ምልክት ያለ ነው። በዚህኛው ስልኩ ቪዲዮውን አይልክም፤ «ይህን ቪዲዮ ራስህ አውጣ» ብሎ ተቀባዩን ያዝዛል፣ ተቀባዩም ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኔትወርክ በሌለበት አዳራሽ ይህኛው ዋጋ የለውም። ለገጠር ትምህርት ቤትና ለአጥቢያ አዳራሽ የሚሆነው ሚራካስት ነው።

ብዙ ፕሮጀክተር ሚራካስት በውስጡ ስለሌለው፣ ከኤችዲኤምአይ መግቢያው ላይ የሚሰካ፣ ከፍላሽ በትንሹ የሚተልቅ ተቀባይ ይገዛል። ሰው ዶንግል ይለዋል። አንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ ነው፣ ከሌላው በኩል ኃይል የሚያገኝበት የዩኤስቢ ገመድ ይወጣል።

የደብረ ብርሃንን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ እናስብ። ለመዝሙር ጥናት ግጥሙ ግድግዳ ላይ እንዲታይ ተፈልጓል። ስልኩ ጋላክሲ ኤ32 ነው፣ ስለዚህ ኬብል አይታሰብም። ፕሮጀክተሩ ኤችዲኤምአይ አለው። አቡጀዲው 2 ሜትር ስፋት አለው። አብዛኞቹ ተራ ፕሮጀክተሮች የምስላቸውን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ርቀት ስለሚፈልጉ ፕሮጀክተሩ ከአቡጀዲው 3 ሜትር ገደማ ላይ ይቀመጣል።

ዶንግሉ ተሰክቶ Source ላይ HDMI ሲመረጥ ስክሪኑ ላይ የዶንግሉ ስም ይወጣል። አስተናባሪው ስልኩ ላይ ሆትስፖትና ብሉቱዝን ያጠፋል፣ ዋይፋይን ይከፍታል፤ ከየትኛውም ዋይፋይ ጋር መገናኘት ግን የለበትም፣ መብራቱ በቂ ነው። ከላይ የሚወርደውን መስመር ስቦ Smart View የሚለውን ይነካል። በሌሎች ስልኮች ስሙ Cast፣ Screencast ወይም Wireless Display ሊሆን ይችላል። የዶንግሉ ስም ሲመጣ ነክቶ ያረጋግጣል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ አቡጀዲው ላይ ይሆናል። ስልኩ በቁሙ ከተያዘ ምስሉ ቀጭን ሆኖ መሐል ላይ ስለሚቆም Auto rotate ተከፍቶ ስልኩ በጎኑ ይተኛ። በጎኑ ተኝቶም ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል፤ የዛሬ ስልክ ገጽ ከፕሮጀክተር ምስል ይልቅ ረዘም ያለ ነውና።

በዚህ መንገድ ላይ ቶሎ የሚታየው ችግር ዶንግሉ በየደቂቃው እየጠፋ እንደገና መነሣቱ ነው። የፋብሪካው ምልክት ይመጣል፣ ስልኩ ይገናኛል፣ ቪዲዮው ሲጀምር ስክሪኑ ይጠቁርና ምልክቱ እንደገና ይመጣል። ሰው «ኔትወርክ ነው» ይላል። ኃይል ነው። ዶንግሉ 5 ቮልት ላይ 1 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግማሽ አምፔር ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ሥራ ሳይበዛበት ይበቃዋል፣ ቪዲዮ መፍታት ሲጀምር ግን አይበቃውም፣ ይወድቃል። ገመዱን ከፕሮጀክተሩ ነቅሎ ከስልክ ቻርጀር ወይም ከፓወር ባንክ ጋር ማገናኘት ችግሩን ያቆመዋል። ኤሌክትሪክ ጠፋ መጣ ባለ ቁጥር ዶንግሉ እንዳይነሣ ስለሚያደርግ ፓወር ባንክ ይመረጣል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚወሰድበት ኃይል ትንሽ ከመሰለው ራሱን ያጠፋል፤ ከጉባኤው በፊት ለግማሽ ሰዓት መሞከር ነው።

ሁለተኛው መዘግየት ነው። ስልኩ ላይ ገጽ ሲገለጥ ግድግዳው ላይ ጥቂት ቆይቶ ይከተላል። ለመዝሙር ግጥም አይታወቅም። ለቪዲዮ የሚታወቀው ድምፁን ከስልኩ በኢርፎን ገመድ ወደ ሚክሰሩ ከወሰዱት ነው፤ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሰባኪው ከንፈር በኋላ ይንቀሳቀሳል። መፍትሔው ድምፁም ከምስሉ ጋር በዶንግሉ በኩል እንዲሄድ ማድረግና ከፕሮጀክተሩ Audio Out ቀዳዳ አውጥቶ ወደ ሚክሰሩ መውሰድ ነው። ያኔ ሁለቱም እኩል ይዘገያሉ፣ ማንም አያውቅም።

ሰው ሲበዛ ምስሉ መቆራረጥ ከጀመረ በኪሱ ሆትስፖት የከፈተ ሰው ብዙ ነው ማለት ነው። ርካሽ ዶንግሎች ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ይሠራሉ፤ ገበያ መሐል ሆኖ በሹክሹክታ እንደ ማውራት ነው። ስልኩን ከዶንግሉ ከ3 ወይም 4 ሜትር በላይ ማራቅ የለብዎትም፤ ዶንግሉ ከፕሮጀክተሩ ብረት ጀርባ ተደብቆ ከሆነ ደግሞ በአጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ወደ ጎን ይውጣ።

አይፎን ሚራካስት አያውቅም። የራሱ መንገድ ኤርፕሌይ ይባላል። ብዙ ዶንግሎች ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ ግን በጎናቸው ባለች ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ይጠይቃሉ። ለአይፎን ሲሆን መጀመሪያ በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ዶንግሉ ራሱ የሚያሰራጨውን ስም መርጦ በስክሪኑ ላይ በሚታየው የይለፍ ቃል መግባት፣ ከዚያ Screen Mirroring መንካት ነው። ጉግል ፒክስልም ሚራካስት የለውም፤ ከፒክስል 8 ወዲህ ያሉት ግን በኬብል ያወጣሉ።

ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገናኝቶ የቆየ ከሆነ ዶንግል ሳይገዙም የአንድሮይድ ስልክን ገጽ ማሳየት ይቻላል። ስክርሲፒዋይ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አስቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ይወርዳል፤ ስልኩ ላይ USB debugging ይከፈታል፤ ፋይል በሚያስተላልፈው የቻርጀር ገመድ ስልኩ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኝና ፕሮግራሙ ባለበት ፎልደር ላይ Command Prompt ተከፍቶ ይህ ይጻፋል፦

```
scrcpy --stay-awake
```

ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መዘግየቱም እምብዛም አይታይም። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ድምፁም አብሮ ይመጣል። ዶንግሉ ያስቸገረው ሰው ይህን ቢይዝ አይጎዳም።

ፊደሉ ሲበላሽ

ግንኙነቱ ተሳክቶ ግድግዳው ላይ የአማርኛው ግጥም በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። የፕሮጀክተሩ ጥፋት አይደለም። ጽሑፉ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው እንደ ድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፊደሎች ነው። እነዚህ ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ «ሀ»ን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ያ ፊደል በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፣ ስልክ ላይ ግን ከሥሩ ያለው ላቲን ይገለጣል። ፓወርፖይንቱን በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮ ይይዛል። ኒያላ በዩኒኮድ የተሠራ ስለሆነ ይነበባል፣ ቅርጹ ግን በስልኩ ፊደል ተተክቶ መስመር ሊሰበር ስለሚችል ለሱም ፒዲኤፍ ይሻላል። ፒዲኤፍ ሲሆን ገጽ በገጽ መግለጥ እንጂ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም፤ ለመዝሙር ደግሞ ይህ ኪሳራ አይደለም።

ስልኩን ከማገናኘትዎ በፊት Airplane mode ከፍተው ዋይፋይን ብቻ መልሰው ያብሩት፤ ሚራካስት ይሠራል፣ ስልክ አይጠራም። Do Not Disturb ይጨመርበት። ያለዚያ የቴሌግራም መልእክት በመዝሙሩ አናት ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ሆኖ ይነበባል። Screen timeout ስልኩ የሚፈቅደው ትልቁ ጊዜ ላይ ይደረግ፣ ባትሪ ቆጣቢው ይጥፋ።

ከፍታው

ሁሉ ነገር ሠርቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፕሮጀክተሩ በራሱ ሲጠፋ ደግሞ ስልኩን የሚከስ አይጠፋም። ስልኩ ፕሮጀክተርን ማጥፋት አይችልም። ፕሮጀክተሩ አናት ላይ Temp የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሞቆ ነው የጠፋው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነት ሲሽከረከር የሚነፍሰው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ የመብራቱን ሙቀት በሚገባ አይወስድም። አየሩ ብርዳም መሆኑ ሰውን ያታልላል።

ለዚህ አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ High Altitude Mode የሚል አላቸው። አምራቾች ከ1500 ሜትር በላይ ክፈቱት ይላሉ፤ ደብረ ሲና፣ አንኮበር፣ መንዝ ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። ሲከፈት ማራገቢያው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይጨምራል። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አያስፈልጋትም፣ እዚያ የሚያሰጋው ቆላው ሙቀት ነው። በብዙ መመሪያዎች ላይ የላይኛው ወሰን 3000 ሜትር ነው፤ ከመንዝ ደጋ አንዳንዱ ቦታ ይህን ያልፋል። እዚያ High Altitude Mode ከመክፈት ሌላ መብራቱን በ Eco ማሠራትና የአየር ማጣሪያውን አቧራ አውጥቶ ማጽዳት ያስፈልጋል።

በአምፖል የሚሠራ ፕሮጀክተር ሥራው ሲያልቅ ወዲያው አይነቀልም። የማጥፊያው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ግን ውስጡ እስኪበርድ ይሽከረከራል፤ ሲቆም ነው ሶኬቱ የሚነቀለው። በመሐል ኤሌክትሪክ ከጠፋ ይህ ማብረድ ይቀራል፤ 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ፕሮጀክተሩን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ግን ለማብረድ የሚበቃው ያቺው ናት። ዩፒኤስ ከሌለ ሶኬቱን ነቅለው ይቆዩ፤ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ የመጀመሪያው ግፊት አያገኘውም። አምፖሉም እስኪበርድ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ያብሩት፤ በዚያ መሐል ዶንግሉ በፓወር ባንክ ላይ ስለሆነ አልጠፋም፣ ፕሮጀክተሩ ሲነሣ ስልኩ ያቆመበት የመዝሙር ገጽ ላይ ያገኙታል።